ሁለቱ አሞጾች
የዕብራይስጥን ቃል በግዕዝ ፊደል ስለ መጻፍ

ትንቢተ ኢሳይያስን የሚከፍት ሰው ገና በመጀመሪያው ቍጥር ላይ የነቢዩ አባት ስም አሞጽ እንደ ነበረ ያነባል። ያው ሰው ወደ ታናናሾቹ ነቢያት ሲሻገር ደግሞ በቴቁሔ ከእረኞች መካከል የተነሣ አሞጽ የሚባል ነቢይ ያገኛል። ሁለቱ ስሞች በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ዓይነት ፊደል ስለ ተጻፉ፥ አንባቢው «እንግዲያው ነቢዩ አሞጽ የነቢዩ ኢሳይያስ አባት ነው» ብሎ ቢደመድም የሚፈረድበት አይደለም። በጥንት ዘመን በግሪክኛ ያነቡ ከነበሩት የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎችም እንዲሁ ያሰቡ ነበሩ። ዕብራይስጥ ያውቅ የነበረውና በ420 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያረፈው ሄሮኒሞስ ግን ሁለቱ ሰዎች የተለያዩ መሆናቸውን ከስማቸው ፊደል አስረድቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዕብራይስጥ የነቢዩ ስም በዔ ይጀምርና በሳምኬት ያልቃል። የኢሳይያስ አባት ስም ግን በአሌፍ ይጀምርና በጻዴ ያልቃል። በመካከል ያሉት ሜምና ዋው ብቻ አንድ ናቸው። እንግዲህ ከአራቱ ፊደላት ሁለቱ፥ ያውም የመጀመሪያውና የመጨረሻው፥ የተለያዩ ናቸው ማለት ነው። ግሪኮች ግን አሌፍንና ዔን የሚለዩበት ፊደል የላቸውም፤ ሳምኬትንና ጻዴንም ሁለቱን በአንድ ፊደል ጻፏቸው። ስለዚህ በግሪክኛው ሁለት ሰዎች አንድ ስም ያዙ። በአክሱም ዘመን አባቶቻችን ብሉይ ኪዳንን የተረጐሙት ከግሪክኛው ስለ ነበረ፥ አንዱ ስም አንድ እንደ ሆነ ወደ እኛ መጣ።

አሁን አንባቢው ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ነገር አለ። አሌፍን በአ፥ ዔን በዐ፥ ሳምኬትን በሰ፥ ጻዴን በጸ ለመጻፍ የግዕዝ ፊደል ምንም አይቸግረውም። አራቱም ድምፆች በቤቱ አሉለት። እንግዲያው ሁለቱን አሞጾች ያደባለቃቸው የፊደላችን ድኽነት ሳይሆን ስሙ የመጣበት መንገድ ነው። የዕብራይስጥን ቃል በቀጥታ ወደ ግዕዝ ፊደል ብናሻግረው ምን ይተርፋል? ምንስ ይጠፋል? በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ለመመርመር እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ሁለት መንገዶችን መለየት ያስፈልጋል። አንዱ ፊደልን በፊደል መተካት ነው። በዚህ መንገድ የሚጽፍ ሰው የሚጨነቀው፥ ጽሑፉን ያየ ሰው ወደ ዕብራይስጡ አጻጻፍ ተመልሶ እንዲደርስ ነው። ሁለተኛው ድምፅን መከተል ነው። በዚህ የሚጽፈው ደግሞ፥ ጽሑፉን ያነበበ ሰው በዛሬዪቱ እስራኤል በገበያና በአውቶቡስ የሚሰማውን ድምፅ እንዲያወጣ ይፈልጋል። ሁለቱም መንገዶች የየራሳቸው ጥቅም አላቸው። ችግሩ የሚመጣው፥ ወደ ፊት እንደምናየው፥ አንድ ጸሐፊ ሁለቱን በአንድ ቃል ውስጥ ሲቀላቅላቸው ነው።

ከፊደሉ መንገድ እንጀምር። የዕብራይስጥ ፊደላት 22 ናቸው። ስማቸው ለዳዊት ደጋሚ እንግዳ አይደለም። በ118ኛው መዝሙር ውስጥ በየስምንቱ ቍጥር ራስ ላይ አሌፍ፥ ቤት፥ ጋሜል፥ ዳሌጥ እየተባለ እስከ ታው ድረስ ይዘልቃል፤ ስምንት ጊዜ 22 ሲሆን 176 ቍጥር ይሆናል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ሲታተም ቃላቱን የደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ስለ ሆነ፥ ያን መጽሐፍ የሚያገላብጥ ተማሪ ሳያስበው የዕብራይስጥን የፊደል ተራ ይለምዳል።

የግዕዝ ፊደላት 26 ስለ ሆኑ፥ ለ22ቱ ቦታ መፈለግ ቀላል ይመስላል፤ አብዛኛውም በእርግጥ ቀላል ነው። ቤት በበ፥ ላሜድ በለ፥ ጤት በጠ፥ ቆፍ በቀ ይጻፋል። ጥቂት ማሰብ የሚጠይቀው ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደል ነው። ይህ ፊደል ነጥቡ በቀኝ ትከሻው ላይ ሲሆን ሺን ተብሎ እንደ ሸ ይነበባል፤ በግራ ሲሆን ሲን ተብሎ እንደ ሰ ይነበባል። ለሺን አማርኛ ከሰ ያወጣው ሸ አለን። ለሲን ደግሞ ሠ ተስማሚው ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት የግዕዙ ሠ በጥንተ ነገሩ የዕብራይስጡ ሲን ወንድም ነውና። እንዲህ ስናደርግ ሰ ለሳምኬት ብቻ ይቀራል፤ ከግዕዙ 26 ፊደላትም ሥራ ፈት ሆነው የሚቀሩት ኀ፥ ጰ፥ ፀ እና ፐ ብቻ ናቸው።

ስለ ጉሮሮ ፊደላት ግን ሰፋ አድርገን መናገር አለብን። ዕብራይስጥ በጉሮሮ የሚነገሩ አራት ፊደላት አሉት፤ አሌፍ፥ ሄ፥ ሔትና ዔ ናቸው። ለእነዚህ አ፥ ሀ፥ ሐ እና ዐ ተዘጋጅተው ይጠብቃሉ። በላቲን ፊደል የሚጽፉ ሊቃውንት አሌፍንና ዔን ለመለየት ወደ ቀኝና ወደ ግራ የዞሩ ትናንሽ ጭረቶችን፥ ለሔትም ከበታች ነጥብ ያለበትን ፊደል ሲጠቀሙ፥ እኛ ግን ከሕፃንነታችን በቈጠርነው ፊደል ብቻ እንለያቸዋለን።

አባቶቻችንም ይህን ያውቁ እንደ ነበረ የሚያሳይ ምስክር አለ። በግሪክኛው መጽሐፍ የያዕቆብ ስም ዐ የለውም፤ የይስሐቅም ስም ሐ የለውም፤ ኖኅም መጨረሻው ባዶ ነው። በግዕዙ ግን ሦስቱም የጉሮሮ ፊደላቸውን ይዘው ተገኙ። እነዚህን ድምፆች ከግሪክኛው ገጽ ላይ ሊያገኟቸው ስለማይችሉ፥ ስሞቹን በሴም ቋንቋ ከሚያውቅ ሰው አፍ ወይም መጽሐፍ እንደ ወሰዷቸው ግልጽ ነው። አሞጽም ራሱ እንዲሁ ነው፤ ጽ ከግሪክኛ አይገኝምና። ይኸውም የአባትዬው ትክክለኛ መጨረሻ ነው። ነቢዩ ግን የራሱ ያልሆነውን ጽ ተሸክሞ ቀረ።

ኖኅን ካነሣን አይቀር፥ በዚህ ስም ላይ አንድ ወጥመድ እንዳለ እናሳይ። ዕብራይስጡ ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ኖንና ሔት። ከሔት በታች «አ» የሚል የድምፅ ምልክት ተጽፏል። ምልክቱን ባየበት ቦታ የሚያስቀምጥ ጸሐፊ ሔትን ሐ ብሎ ኖሐ ይላል። ይህ ስሕተት ነው። በቃል መጨረሻ ላይ ሔት ወይም ዔ ሲገኝና ከበታቹ ይህ ምልክት ሲኖር፥ ድምፁ የሚነበበው ከፊደሉ በፊት ነው፤ ከሖላም ወደ ጉሮሮ ለመሻገር አፍ የሚያወጣው ጥላ ነውና ከቃሉ ሥር አይቈጠርም። ስለዚህ በፊደሉ መንገድ ስሙ ኖሕ ተብሎ ይጻፋል እንጂ ኖሐ አይባልም።

ሁለተኛው ወጥመድ በሄ ላይ ነው። በቃል መጨረሻ የሚገኘው ሄ ብዙ ጊዜ የ«አ» ድምፅ መደገፊያ ብቻ ነው፤ አይነበብም። በውስጡ ነጥብ ሲደረግበት ግን ይነበባል። «ሱሳ» ማለት ሴቴ ፈረስ ናት፤ «ሱሳህ» ግን የእርሷ ፈረስ ማለት ነው። በዕብራይስጥ ሁለቱም በተመሳሳይ አራት ፊደላት ይጻፋሉ፤ የሚለያያቸው በመጨረሻው ሄ ውስጥ ያለው አንድ ነጥብ ነው። እኛ ነጥብ ያለበትን በህ ስንጽፍ፥ ነጥብ የሌለበትን ትተን ብናልፍ ልዩነቱ ሳይጠፋ ይሻገራል። ሁልጊዜ ህ የሚጽፍ ሰው ግን ሴቴዪቱን ፈረስ ባለቤት ያበጅላታል።

አሁን ወደ አናባቢዎች እንለፍ። የግዕዝ ፊደል በአራተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዔዛና ዘመን አናባቢውን ከፊደሉ አካል ጋራ አያይዞ መጻፍ ጀምሯል። የዕብራይስጥን አናባቢ በነጥብና በጭረት የጻፉት የጥብርያዶስ ሊቃውንት ግን ሥራቸውን የሠሩት ከሰባተኛው እስከ አሥረኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ፊደሉ ቅዱስ ነውና አንነካውም ብለው ምልክቶቹን ከበታች፥ ከበላይና ከውስጥ አደረጓቸው።

እነዚያ ሊቃውንት የለዩአቸው ድምፆች ሰባት ናቸው። የእኛም ረድፎች ሰባት ናቸው። ይህን ያየ ሰው «ሰባት ለሰባት!» ብሎ መደሰቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ደስታው ዕድሜ የለውም። ሹሩቅ የካዕብን፥ ሒሪቅ የሣልስን፥ ጼሬ የኃምስን፥ ሖላም የሳብዕን ቦታ ይይዛሉ። ፓታሕ የሚባለው አጭሩ «አ» በግዕዝ ረድፍ፥ ቃማጽ የሚባለው በራብዕ ረድፍ ቢቀመጡ መልካም ነው። ስድስት ሆኑ። የቀረው ሴጎል የሚባለው ክፍት «ኤ» ነው፤ የቀረውም ረድፍ ሳድስ ነው። ሳድስ ግን አስቀድሞ የተያዘ ቦታ ነው።

ሳድስን የያዘው ሽዋ ነው። ሽዋ ሁለት ነጥብ ሆኖ ከፊደል በታች የሚጻፍ ሲሆን፥ አንዳንድ ጊዜ ምንም ድምፅ እንደሌለ፥ አንዳንድ ጊዜም በጣም አጭር ድምፅ እንዳለ ያመለክታል። የዕብራይስጥ ሰዋስው የመጀመሪያውን ያረፈ፥ ሁለተኛውን የሚንቀሳቀስ ይለዋል። እንዲህ ዓይነት ሁለት ጠባይ ያለው ምልክት ለአውሮፓ ተማሪ ግራ ሲሆንበት፥ ለኛ ግን የቤት ልጅ ነው። «ትምህርት» ስንል የመጀመሪያው ት ድምፅ አለው፤ ም የለውም፤ ህ አለው፤ ር እና የመጨረሻው ት የላቸውም። አምስቱም ግን በአንድ ረድፍ፥ በሳድስ ተጽፈዋል። የትኛው እንደሚነቃና የትኛው እንደሚያርፍ የሚነግረን ምላሳችን ነው።

በዕብራይስጥም «ይጠብቃሉ» የሚለው ቃል በግዕዝ ፊደል ዪሽምሩ ተብሎ ይጻፋል። ሺንና ሜም ሁለቱም ሽዋ አላቸው። ደንቡ ሁለት ሽዋ በቃል መካከል ሲከታተሉ የፊተኛው ያርፋል፥ የኋለኛው ይንቀሳቀሳል ይላል። አማርኛ ተናጋሪም ዪሽምሩን ሳያጠና ሲያነበው፥ ሽን አሳርፎ ምን ያንቀሳቅሳል። በዚህ ቦታ ሁለቱ አጻጻፎች እኩል ይናገራሉ፥ እኩልም ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ሴጎል ወንበር አጣ። ከፓታሕ ጋራ በግዕዝ ረድፍ ወይም ከጼሬ ጋራ በኃምስ ረድፍ መጋራት አለበት። እኛ የምንመርጠው ከጼሬ ጋራ እንዲጋራ ነው፤ በዛሬው የእስራኤል አነጋገር ሁለቱም «ኤ» ሆነው ይነበባሉና። ንጉሥ ማለት የሆነው ቃል በዚህ ደንብ ሜሌክ ይሆናል። እዚህ ላይ ሴጎል ይሁን ጼሬ ከጽሑፉ መለየት አይቻልም። ይህ አንድ እውነተኛ ጕድለት ነው፤ ተራ ምልክት እየጨመሩ ከመሸፈን ይልቅ በግልጽ መናገሩ ይሻላል።

ሌላም ልንደብቀው የማይገባ ነገር አለ። ፓታሕን በግዕዝ፥ ቃማጽን በራብዕ እንጽፋለን ብለናል። በገ እና በጋ መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ ይሰማዋል። በጉሮሮ ፊደላት ግን አ እና ኣ፥ ሐ እና ሓ በአነባበብ አንድ ናቸው። ስለዚህ ነቢዩ በቃማጽ ዓሞስ፥ የኢሳይያስ አባትም በቃማጽ ኣሞጽ ተብለው ሲጻፉ፥ የጽሕፈት ሠራተኛው «ኣ» የተሳሳተ መስሎት ወደ «አ» ያርመዋል። እንዲህ ያለ እርማት አነባበቡን አይለውጠውም፤ ቃማጹን ግን ወደ ፓታሕ ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ፥ «የጉሮሮ ፊደላት ረድፍ አይታረም» የሚል ማሳሰቢያ አብሮት መሄድ አለበት።

የቀረን ትልቁ ነገር መጥበቅ ነው። አማርኛ ያለ መጥበቅና መላላት አይነገርም። «ገና» ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ በዓል ነው። «ዋና» ላልቶ በውኃ ውስጥ፥ ጠብቆ በመሥሪያ ቤት ውስጥ ይገኛል። ፊደላችን ግን ይህን ሁሉ ሳይጽፍ ለአንባቢው ይተወዋል። ዕብራይስጥ ደግሞ በተቃራኒው የጠበቀውን ፊደል በሆዱ ውስጥ ዳጌሽ በሚባል ነጥብ ያመለክታል። እንግዲያው ከዕብራይስጥ ወደ ግዕዝ ፊደል ሲሻገር ከሁሉ ይበልጥ በቀላሉ የሚጠፋው ይህ ነጥብ ነው።

ለምሳሌ የሐናን ስም እንውሰድ። ዕብራይስጡ ሔት፥ ኖንና ሄ ነው፤ በኖን ውስጥ ነጥብ አለ። ግሪኮች ኖኑን ሁለት ጊዜ ጽፈው መጥበቁን ጠበቁ፤ ሔትን ግን ጣሉት። እኛ ሐን ይዘን መጥበቁን ሳንጽፍ ቀረን። ከሁለቱ አንዱም ስሙን በሙሉ አላሻገረውም። ሰንበት የሚለው ቃላችንም የዚህ ታሪክ ምልክት አለበት፤ በዕብራይስጡ ያለው የጠበቀ ቤት በመንገድ ላይ ተፈትቶ በመጀመሪያው ፈንታ ን እንደ ገባበት ሊቃውንት ያስረዳሉ።

መጥበቁን ለመጻፍ ሁለት ሐሳቦች አሉ። አንደኛው ፊደሉን ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፤ ሐንና፥ ሸብባት እንደማለት። ይህ ለጊዜው ያማረ ቢመስልም ብዙ አይሄድም። «አመስግኑ» የሚለው የዕብራይስጥ ቃል፥ ሃሌ ሉያ ከምንለው ውስጥ የመጀመሪያው ክፍል፥ ላሜድን በእርግጥ ሁለት ጊዜ ይጽፋል፤ የፊተኛውም ላሜድ ሽዋ አለው። በፊደሉ መንገድ ሀልሉ ይሆናል። መጥበቅን በድርብ ፊደል የምንጽፍ ከሆነ፥ ሀልሉን ያየ ሰው አንድ የጠበቀ ላሜድ ይሁን ሁለት ላሜድ ከየት ያውቃል?

ስለዚህ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ይኸውም በሰዋስውና በመዝገበ ቃላት መጻሕፍት እንደሚደረገው በጠበቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ማድረግ ነው። ሐና፟ እና ሸባ፟ት ብለን እንጽፋለን። ይህ ምልክት በ2005 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዩኒኮድ ውስጥ U+135F በሚል ቍጥር ስለ ተመዘገበ በኮምፒዩተር ሊጻፍ ይችላል። ጠንቀቅ የሚያሰኘው፥ አንዳንድ የፊደል ቅርጾች ነጥቡን ከቦታው ያዛንፉታል ወይም በምትኩ ባዶ ሣጥን ያሳያሉ። ደግሞም ነጥብ ያለበትን ቃል ያለ ነጥቡ ፈልጎ ማጣት አለ። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አንድ የጠበቀ ቃል ጽፎ መፈተን ይገባል።

ነጥብ ሁሉ ግን መጥበቅ አይደለም። በቤት፥ ጋሜል፥ ዳሌጥ፥ ካፍ፥ ፌ እና ታው ላይ ያው ነጥብ ሌላ ሥራ አለው፤ ፊደሉ ሳይለሰልስ በጠንካራ ድምፁ እንዲነበብ ያዝዛል። ታዲያ በምን ይለያል? ከነጥቡ በፊት ያለውን መመልከት ነው። ከበፊቱ አናባቢ ካለ መጥበቅ ነው፤ ቃሉ በዚያ ፊደል የሚጀምር ከሆነ ወይም ከበፊቱ ያረፈ ሽዋ ካለ መጥበቅ አይደለም። በሸባ፟ት ከቤት በፊት ፓታሕ ስላለ ይጠብቃል። ምድረ በዳ ማለት በሆነው ሚድባር ግን ከቤት በፊት ያረፈ ሽዋ ስላለ አይጠብቅም። ሌላም መፈተኛ አለ፤ የጉሮሮ ፊደላትና ሬስ፥ ከጥቂት ቦታ በቀር፥ በዕብራይስጥ አይጠብቁም። በዐ ወይም በረ ላይ ሁለት ነጥብ ካየን ጸሐፊው ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ዕብራይስጡን እንመልከት።

እስካሁን ያልነውን ሁሉ በአንድ ቃል ላይ እናሳይ። «ሰረቀ» እና «ሌባ» የሚሉት ቃላት በዕብራይስጥ በሦስት ተመሳሳይ ፊደላት ይጻፋሉ፤ ጋሜል፥ ኖንና ቤት። «ሰረቀ» ሲሆን ከጋሜል በታች ቃማጽ፥ ከኖን በታች ፓታሕ አለ። ጋሜል በራብዕ ጋ፥ ኖን በግዕዝ ነ፥ ቤት በሳድስ ብ ይሆንና ጋነብ ይወጣል። «ሌባ» ሲሆን ደግሞ ከጋሜል በታች ፓታሕ፥ ከኖን በታች ቃማጽ፥ በኖን ሆድ ውስጥም ነጥብ አለ። ከኖን በፊት አናባቢ ስላለና ኖን ከስድስቱ ፊደላት ስላልሆነ ነጥቡ በእርግጥ መጥበቅ ነው። ስለዚህ ገና፟ብ ይሆናል። ጋነብ እና ገና፟ብ፤ አንዱ ድርጊት፥ ሁለተኛው ሰው ነው። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ከሁለቱ ጽሑፎች ተነሥቶ ሳይጠራጠር ወደ ዕብራይስጡ ይመለሳል።

አሁን እነዚሁን ሁለት ቃላት በሁለተኛው መንገድ፥ በድምፁ እንጻፋቸው። በዛሬዪቱ እስራኤል ፓታሕና ቃማጽ በአንድ «ኣ» ይነበባሉ፤ መጥበቅ አይሰማም፤ በቃል መጨረሻ ያለው ቤትም ለስልሶ እንደ ቭ ይነገራል። ስለዚህ «ሰረቀ»ም ጋናቭ፥ «ሌባ»ም ጋናቭ ይሆናል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ሰዎቹ እንዲህ ነው የሚናገሩት። በዚሁ መንገድ ሔት ከለሰለሰው ካፍ ጋራ በኸ፥ ዔ ከአሌፍ ጋራ በአ፥ ጤት በተ፥ ቆፍ በከ ይጻፋሉ። ሐና ኻና፥ ሜሌክ ሜሌኽ፥ ኖሕም ኖአኽ ይሆናሉ። ከየመንና ከሌሎች የዐረብ አገሮች በመጡ አይሁድ ዘንድ ግን ሔትና ዔ በጥንት ድምፃቸው ሲነገሩ ይሰማል።

በዚህ ቦታ አማርኛ ራሱ ያበጃቸው ፊደላት ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ። በን ከላይ አስረን ቨን፥ ከን ከላይ አስረን ኸን አውጥተናል። ዕብራይስጥም ቤትና ካፍ እያንዳንዳቸው ሁለት ድምፅ አላቸው። ልዩነቱ፥ እነርሱ ነጥብ የሚጨምሩት ጠንካራውን ለመለየት ሲሆን፥ እኛ ጭረት የምንጨምረው የለሰለሰውን ለመለየት ነው።

ሁለቱን መንገዶች ማወቅ ለመጽሐፍ ተማሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በ1984 እና በ1991 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታላላቅ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤል፥ ከዚያም በኋላ የተከተሏቸው፥ ልጆቻቸውን በዕብራይስጥ ስም ጠርተዋል። ኻና የተባለች ልጅ የልደት ወረቀቷን ይዛ ለጕዳይ ወደ አዲስ አበባ ብትመጣ እንበል። አንዱ ጸሐፊ ዕብራይስጡን አንብቦ ሐና ብሎ ይመዘግባታል። ሌላው ስትናገር ሰምቶ ኻና ይላታል። ሁለቱም በየመንገዳቸው ልክ ናቸው። በመዝገብ ቤቱ ግን ሁለት ሰዎች ተፈጠሩ፤ የሁለቱ አሞጾች ነገር ተገልብጦ ደረሰ ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለት ስም አንድ ሆነ፤ አሁን አንድ ስም ሁለት ሆነ።

ከዚህም የሚከፋው ቅልቅሉ ነው። ጋነቭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ረድፎቹን ከፊደሉ መንገድ፥ የመጨረሻውን ፊደል ከድምፁ መንገድ ወስዷል። በፊደሉ መንገድ ቭ የሚባል ስለሌለ የሚያነበው ሰው ይህ ጽሑፍ ድምፅን የተከተለ መስሎት የነን ረድፍ የአማርኛ ድምፅ አድርጎ ያነበዋል፤ እንዲህ ዓይነት ድምፅም በእስራኤል ማንም አያወጣም። ቅልቅል መኖሩ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ሐ እና ዐ ከቨ እና ከኸ ጋራ በዕብራይስጥ ቃላት ውስጥ ጐን ለጐን ከታዩ፥ ጸሐፊው መንገዱን አልመረጠም።

ስለዚህ ሐሳባችን አጭር ነው። ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፥ ለመዝገበ ቃላትና ለቤተ መጻሕፍት ዝርዝር የፊደሉን መንገድ መያዝ ይገባል፤ በዚያ የሚጠፋው የሴጎልና የጼሬ ልዩነት ነው። ለጋዜጣ ወሬ፥ ለከተማና ለጎዳና ስም የድምፁ መንገድ ይበቃል። በሕይወት ላለ ሰው ስም ግን ከሁለቱም መንገድ በፊት ባለቤቱ በአማርኛ እንዴት እንደሚጽፈው ጠይቆ ያንኑ መመዝገብ ነው። ያዕቆብን፥ ይስሐቅንና ኖኅንም የትኛውም ደንብ መጥቶ ሊያርማቸው አይገባም፤ እነርሱ አሁን የአማርኛ ስሞች ናቸው። የነቢዩን ስም በጥናት ጽሑፍ የሚያነሣ ተማሪ ግን አሞጽ ብሎ ከጻፈ በኋላ በቅንፍ ዓሞስ ቢል፥ አባትዬውንም በቅንፍ ኣሞጽ ቢል፥ አንባቢው ሁለት ሰዎች መሆናቸውን በአራት ፊደል ያውቃል።